ድፎ ዳቦ ለምን ይደድራል? የእርሾ ፍተሻና የማሸት ጊዜ ለአንድ ኪሎ ዱቄት

በዓል በቀረበ ቁጥር ከደብረ ማርቆስም፣ ከፍኖተ ሰላምም፣ ከባሕር ዳርም አንድ ዓይነት ጥያቄ ይመጣል፦ «እርሾ ጨምሬያለሁ፣ ሰዓትም ጠብቄያለሁ፣ ዳቦው ግን ድድር ብሎ ወጣ። ምን አጎደልኩ?» አብዛኛውን ጊዜ መልሱ ከሁለት አንዱ ነው። ወይ እርሾው ደክሟል፣ ወይ ሊጡ በቂ አልታሸም። ሁለቱ ሲቆረጡ የሚያሳዩት መልክ ይለያያል፤ መፍትሔያቸውም አንድ አይደለም። እርሾው የሞተበት ሰው አንድ ሰዓት ቢያሽ ዳቦው አይነሳም፤ ሳያሽ የቀረ ሰው ደግሞ እርሾ ቢያበዛ ጠረኑን ከማበላሸት በቀር የሚያተርፈው የለም።

ይህ መመሪያ ከሱቅ በሚገዛ ደረቅ እርሾ ለሚጋገር የስንዴ ድፎ ዳቦ ነው። በሊጥ እርሾ የምትጋግሩ የማሸቱን ክፍል እንዳለ ልትጠቀሙበት ትችላላችሁ፤ የመነሻ ሰዓቱ ግን ለእናንተ በጣም ይረዝማል።

መጀመሪያ የደደረውን ዳቦ ቁረጡትና እዩ

ሙሉ በሙሉ ሲቀዘቅዝ ከመሐሉ ቁረጡት። ውስጡ ከላይ እስከ ታች ጥቅጥቅ ያለ፣ ቀዳዳው የመርፌ ጫፍ የሚያህል፣ ቁመቱም ምጣድ ላይ ሲገባ ከነበረው እምብዛም ያልጨመረ ከሆነ ችግሩ እርሾው ላይ ነው። አየር የሚያመነጭ ነገር አልነበረም ወይም ለማመንጨት ጊዜ አላገኘም።

ከላይኛው ቅርፊት ሥር ትልልቅ ባዶ ቦታ ኖሮት ከታች በኩል ግን የተጨፈለቀ ከሆነ፣ ዳቦው ወደ ላይ ከመነሳት ይልቅ ወደ ጎን ተዘርግቶ ከሆነ፣ ፊቱም ሸካራና የተቀዳደደ ከሆነ እርሾው ሠርቷል። የጎደለው ማሸት ነው። አየሩ ተመርቷል፣ የሚይዘው ግን አላገኘም።

ትኩስ ዳቦ ቆርጣችሁ አትፍረዱ። ከምጣድ እንደወጣ የተቆረጠ ዳቦ ጥሩ ሆኖ የተጋገረ እንኳ ቢሆን ሲጫን ይለጠፋል፤ ያልበሰለም ይመስላል።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- የስንዴ ዱቄት 1 ኪሎ። ፉርኖ ዱቄት ወይም የወፍጮ ቤት ዱቄት ይሆናል።
- ደረቅ እርሾ 10 ግራም፤ ይህ በሻይ ማንኪያ ልክ በልክ ሦስት ማንኪያና ትንሽ ነው።
- ውሃ በጠቅላላው 650 ሚሊ ሊትር። 150ው ለእርሾው ነው፤ የቀረው አንድ ሙሉ የግማሽ ሊትር ሃይላንድ ይሆናል። ለወፍጮ ቤት ዱቄት ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሊትር ተጨማሪ አዘጋጁ።
- ጨው 15 ግራም፣ ማለትም ሁለት የሻይ ማንኪያ ተኩል ያህል።
- ስኳር አንድ የሾርባ ማንኪያ።
- ዘይት ሁለት የሾርባ ማንኪያ።
- እንደ ፍላጎት ጥቁር አዝሙድ።
- ገበቴ ወይም ሰፊ ሳፋ፣ ንጹሕ ጨርቅ፣ ኮባ፣ ምጣድ ከነክዳኑ።
- ቀጥ ያለ የመስታወት ብርጭቆና ክር። ይህን አትዝለሉት፤ ሊጡ ስንት እንደተነሳ በትክክል የሚነግራችሁ እሱ ነው።

አሠራሩ

1. የእርሾውን ቀን አንብቡ። ከውጭ የሚገባ እርሾ ላይ የሚታተመው ቀን በፈረንጆች አቆጣጠር ነው። 05/2026 የሚል ማሸጊያ በእኛ ጥር 2026 ማለት አይደለም፤ ጊዜው የሚያልፈው ግንቦት 2018 መጨረሻ አካባቢ ነው። ዓመቱን በእኛ የቆጠረ ሰው ያለፈበትን እርሾ ገና ብዙ ዓመት የቀረው ይመስለዋል። ቀኑ ደግሞ የሚሠራው ማሸጊያው እስካልተከፈተ ድረስ ብቻ ነው። ግማሽ ኪሎው ማሸጊያ እንደ ጡብ ድርቅ ብሎ የሚታየው አየር ስለተመጠጠለት ነው፤ ተከፍቶ በትናንሽ ላስቲክ እየተቋጠረ የሚሸጠው እርሾ መቼ እንደተከፈተ አይታወቅም። ከምድጃ አጠገብ ወይም ፀሐይ በሚመታው መደርደሪያ ላይ ከቆየ ደግሞ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ይደክማል። አማራጭ ካላችሁ ያልተከፈተውን ትንሽ ፓኬት ግዙ። ቤት ውስጥ ከፍታችሁ የተረፈውን በደረቅ ክዳናማ ዕቃ ፍሪጅ ውስጥ ብታስቀምጡት ለወራት ይቆያል፤ እርጥብ ማንኪያ ግን አይግባበት።

2. ለብ ያለ ውሃ በልክ ቀላቅሉ። «ለብ ያለ» የሚለው ቃል ብዙ እርሾ ገድሏል። የምትፈልጉት ወደ 40 ዲግሪ የሚጠጋ ውሃ ነው፤ እርሾ 55 ዲግሪ አካባቢ ላይ መሞት ይጀምራል። ቴርሞሜትር ከሌላችሁ በስኒ ለኩ። ቀዝቃዛ በሆነው ደጋ፣ ለምሳሌ ደብረ ማርቆስ ወይም እንጅባራ፣ አንድ ስኒ የፈላ ውሃ ለሁለት ስኒ የቧንቧ ውሃ ቀላቅሉ። ባሕር ዳር የቧንቧው ውሃ ራሱ ሞቅ ስለሚል አንድ ስኒ የፈላ ለሦስት ስኒ ቀዝቃዛ ይሁን። ልኩን ገልብጦ ሁለት እጅ የፈላ ለአንድ እጅ ቀዝቃዛ ያደረገ ሰው ውሃው ከ60 ዲግሪ ያልፍበታል፤ እርሾው እዚያው ያልቃል። ከቅልቅሉ ሁለት ስኒ ያህል፣ ማለትም 150 ሚሊ ሊትር፣ ወስዳችሁ ለእርሾው አስቀምጡ።

3. እርሾውን ፈትኑ። በ150ው ውሃ ስኳሩን አሟሙ፣ እርሾውን ነስንሱበት፣ አማስላችሁ ክደኑት። በ10 ደቂቃ ውስጥ አረፋ ማሳየት አለበት፤ በ15 ደቂቃ ደግሞ የአንድ ጣት ውፍረት ያለው፣ እርሾ እርሾ የሚሸት አረፋ ፊቱን ይሸፍነዋል። ይህ ጤነኛ ነው። ሩብ ሰዓት አልፎ ጠርዝ ጠርዙ ላይ ብቻ ጥቂት አረፋ ካሳየ ደክሟል፤ ሌላ ከሌላችሁ 5 ግራም ጨምሩና የመነሻ ጊዜውን አራዝሙ። ጭራሽ አረፋ ካላሳየ ወደ ታች ዘቅጦ ውሃው ጭቃማ መልክ ይይዛል፤ ድፉት። ዱቄቱ ገና አልተነካም፣ የከሰራችሁት ሁለት ስኒ ውሃና ስኳር ብቻ ነው። አንዳንዶች «አረፋ ካላወጣ በእጥፍ ላድርገው» ይላሉ፤ የሞተ እርሾ ሲበዛ ግን ከውስጡ የሚወጣው ንጥረ ነገር ሊጡን ያላላዋል፣ ስለዚህ ማሸታችሁንም ያበላሽባችኋል።

4. ዱቄቱን ለውሱትና ጨው ሳይገባ አሳርፉት። ዱቄቱን ንፉና ገበቴው ላይ አድርጉ። የእርሾውን ውሃ፣ ቀጥሎ ከሃይላንዱ ውሃ አንድ ስኒ ያህል አስቀርታችሁ ሌላውን አፍሱበት። ደረቅ ዱቄት እስከማይታይ ብቻ ለውሱት። ከዚያ ክደኑና ለ20 ደቂቃ ተዉት፤ የወፍጮ ቤት ዱቄት ከሆነ 30 ደቂቃ። ይህ ዕረፍት ብዙ ሰው የማይሠራበት፣ እኔ ግን ከሁሉ አስቀድሜ የምመክረው ነገር ነው። ዱቄቱ ውሃውን ሲጠጣ ሊጡን የሚያስተሳስረው ግሉተን በራሱ መያያዝ ይጀምራል፤ ከማሸት ድካማችሁ ላይ ብዙ ይቀንስላችኋል። ከወፍጮ ቤት ትኩሱን የመጣ ዱቄት ካላችሁ ሳይቀዘቅዝ አትለውሱት፤ ሊጡን ከልክ በላይ ያሞቀዋል።

5. ጨውን ጨምሩና እሹ፤ በሰዓት። ከዕረፍቱ በኋላ ጨውን በትኑበት፣ ያስቀራችሁትን ውሃ ሊጡ ጠጠር ካለ ብቻ በጥቂት በጥቂቱ ጨምሩ። አሁን ሰዓት ያዙ። ለፉርኖ ዱቄት ከ12 እስከ 15 ደቂቃ፣ ለወፍጮ ቤት ዱቄት ከ15 እስከ 18 ደቂቃ ያስፈልጋል። እጃችሁ ሲደክም ከድናችሁት ለ5 ደቂቃ ማረፍ አይጎዳም፤ የዕረፍቱ ደቂቃ ግን አይቆጠርም።

   ለምን ይህን ያህል? ጤፍ የለመደ እጅ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የጤፍ ሊጥ ከተለወሰና ከተመታ ይበቃዋል፤ ግሉተን ስለሌለው ቢታሽም የሚለጠጥ ነገር አይፈጠርበትም። ስንዴ ግን እየታጠፈና እየተሳበ ሲታሽ ውስጡ ቀጭን የሚለጠጥ መረብ ይሠራል፤ እርሾው የሚያወጣው አየር በዚያ መረብ ይያዛል። ስለዚህ በጡጫ መምታት ብቻውን አይበቃም። በመዳፋችሁ ሥር ወደ ፊት ግፉት፣ ወደ ራሳችሁ እጠፉት፣ ሩብ ዙር አዙሩት፣ እንደገና ግፉት።

   የመጀመሪያዎቹ 4 ደቂቃዎች ሊጡ እጅም ገበቴም ላይ ይጣበቃል። ብዙ ዳቦ የሚበላሸው በእነዚህ ደቂቃዎች ነው፤ መጣበቁን ለማስቆም ዱቄት ይነሰነስበታል። አትነስንሱ። እጃችሁን ዘይት አስነኩና ቀጥሉ፤ ሁለቱ ማንኪያ ዘይት ለዚህ ነው። ከ6 እስከ 8 ባሉት ደቂቃዎች ከገበቴው መላቀቅ ይጀምራል። ከ10 በኋላ ፊቱ ይለሰልሳል፣ ስትጎትቱት ወደ ራሱ ይሰበሰባል።

6. ማሸቱ መድረሱን ፈትኑ። የዕንቁላል አስኳል የሚያህል ሊጥ ቆርጣችሁ በሁለት እጅ ቀስ እያላችሁ በሁሉም በኩል ዘርጉት፤ ወደ መስኮት አቅኑት። ሳይቀደድ ሳስቶ ብርሃን ካሳለፈ ደርሷል። ገና ሳይሳሳ ጠርዙ ተዘነጣጥሎ ከተቀደደ 3 ደቂቃ ጨምራችሁ እንደገና ፈትኑ። የወፍጮ ቤት ዱቄት ገለባው መረቡን ስለሚቆርጠው ያን ያህል አይሳሳም፤ ለእሱ ሳይበጠስ የሁለት ጣት ያህል ከተለጠጠ ይበቃል። በእጅ አብዝቶ ማሸት የሚያስፈራ አይደለም፤ ያ ችግር የማሽን ነው።

7. በብርጭቆ እየለካችሁ አስነሱት። ከሊጡ ጥቂት ቆርጣችሁ ብርጭቆው ውስጥ ጠቅጥቁት፣ ከፍታውን በክር ምልክት አድርጉ፣ ከትልቁ ሊጥ አጠገብ አኑሩት። ሊጡ ከክሩ ሁለት እጥፍ ሲሆን ትልቁም ደርሷል። የሰው ሰዓት አትከተሉ። ባሕር ዳር በሚያዝያ ሙቀት አንድ ሰዓት ሊበቃ ይችላል፤ ደብረ ማርቆስ በነሐሴ ብርድ ያው ሊጥ ሁለት ሰዓት ተኩል ሊፈልግ ይችላል። ከፍታ ባለበት አገር የአየሩ ግፊት ዝቅ ስለሚል ሊጥ ቶሎ መነፋት ይቀናዋል፤ የደጋው ብርድ ግን እርሾውን ያዘገየዋል። ለዚህ ነው ብርጭቆው ከሰዓት የሚሻለው።

8. አየሩን በቀስታ አውጡና ቅረጹ። በመዳፋችሁ ተጭናችሁ፣ ዳር ዳሩን ወደ መሐል አጥፋችሁ አድቦልቡሉ። ኮባ በተነጠፈበት ምጣድ ወይም ድስት ላይ አድርጉትና ክደኑት። ከ40 ደቂቃ በኋላ በጣት ጫን በሉት፤ ጉድጓዱ ቀስ ብሎ ግማሽ ያህል ከተመለሰ ይጋገር። ወዲያው ፈንጠር ብሎ ከተመለሰ ይቆይ። ጭራሽ ካልተመለሰ አልፎታል፤ ሳትነካኩ ፈጥናችሁ ጋግሩት።

9. ጋግሩት። ምጣዱ ቀድሞ ሞቅ ይበል፣ ከዚያ መካከለኛ እሳት ይሁን። የአንድ ኪሎ ድፎ ከላይም ከታችም ሙቀት እያገኘ ከ45 እስከ 55 ደቂቃ ይፈጃል። በሥሩ ስታንኳኩት ባዶ ነገር እንደመታችሁ ከጮኸ በስሏል። ቢያንስ ለአንድ ሰዓት ይቀዝቅዝ።

አንድ ጉዳይ ከነዝርዝሩ

የቡሄ ዋዜማ፣ ደብረ ማርቆስ። አንዲት እናት ለአንድ ኪሎ ፉርኖ ዱቄት 10 ግራም እርሾ አድርገዋል፣ አረፋውም ጥሩ ወጥቷል። ሊጡ ስለተጣበቀባቸው አራት እፍኝ ዱቄት ጨምረው ለ5 ደቂቃ አሹት። በሁለት ሰዓት ውስጥ ተነሳ። ሲጋገር ግን ወደ ጎን ተዘረጋ፤ ሲቆረጥ ከቅርፊቱ ሥር ዋሻ፣ ከታች የተጨፈለቀ ሆነ። እሳቸው እርሾውን ጠረጠሩ፤ በሚቀጥለው ጊዜም ሊያበዙት አስበዋል።

እርሾው ግን ነጻ ነው፤ አረፋውም የሊጡ መነሳትም ይመሰክሩለታል። አራቱ እፍኝ ዱቄት 200 ግራም ያህል ነው። 650 ሚሊ ሊትር ውሃ ለአንድ ኪሎ የተመጠነ ነበር፤ አሁን ለ1200 ግራም ሆነ። ከመቶ 65 የነበረው ውሃ ወደ 54 ወረደ፣ ሊጡ ጠጠረ፣ ጠጠር ያለ ሊጥ ደግሞ በ5 ደቂቃ ማሸት መረብ አይሠራም። የሚለወጠው ሁለት ነገር ብቻ ነው፦ የ20 ደቂቃው ዕረፍትና በዘይት እጅ 14 ደቂቃ ማሸት።

ሰዓቱ ሲደረደር እንዲህ ይሆናል። ከጠዋቱ 1፡30 እርሾው ይፈተናል፤ 1፡45 ይለወሳል፤ ከ2፡05 እስከ 2፡20 ይታሻል፤ በብርጭቆው ምልክት እስከ 4፡45 አካባቢ ይነሳል፤ ተቀርጾ እስከ 5፡45 ይቆያል፤ 6፡40 ላይ ከምጣድ ይወጣል።

ተደጋግመው የሚታዩ ስህተቶች

- እርሾን ከጨው ጋር አንድ ላይ በውሃ መበጥበጥ። ጨው በቀጥታ ሲነካው እርሾውን ያዳክማል፤ ዱቄት በመካከል ይግባ።
- የበቆሎ፣ የገብስ ወይም የጤፍ ዱቄት በብዛት መቀላቀል። እነዚህ እንደ ስንዴ የሚለጠጥ መረብ አይሠሩም። ከአንድ ኪሎ ውስጥ ከ200 ግራም በላይ ከሆኑ የቱንም ያህል ብታሹ ዳቦው ይከብዳል።
- ሊጡ እንዲሞቅ ከእሳት ዳር ማስጠጋት። በአንድ ጎኑ ይበስልና እርሾው እዚያው ይሞታል። የሞቀ ውሃ የያዘ ድስት አጠገብ አድርጎ ሁለቱን በአንድ ብርድ ልብስ መሸፈን ይሻላል።
- ሊጡ ሳይነሳ ሰዓቱ ስለደረሰ ብቻ መጋገር።

ሊጡ ታሽቶ ሦስት ሰዓት ቆይቶ ካልተነሳ

አትጣሉት። መጀመሪያ ብርድ ይሁን እርሾ ለዩ፦ ብርጭቆ ውስጥ ያለውን ሊጥ ለብ ያለ ውሃ ባለበት ሳህን ላይ ለ30 ደቂቃ አቁሙት። መንቀሳቀስ ከጀመረ ችግሩ ብርድ ነበር፤ ትልቁንም አሙቁና ጠብቁ። ካልተንቀሳቀሰ 7 ግራም አዲስ እርሾ በአራት የሾርባ ማንኪያ ለብ ያለ ውሃና በትንሽ ስኳር ፈትኑ፤ አረፋ ሲያወጣ አንድ ማንኪያ ዱቄት ጨምራችሁ ብጥብጥ አድርጉት። ሊጡን ዘርጉ፣ ብጥብጡን ቀቡት፣ ጠቅልላችሁ ዥንጉርጉርነቱ እስኪጠፋ ከ6 እስከ 8 ደቂቃ እሹት። ከዚያ ብርጭቆውን በአዲሱ ሊጥ ሞልታችሁ ክሩን እንደገና እሰሩና ከተራ ቁጥር 7 ቀጥሉ።